አበባ የሌለውን ሐረግ በቅጠሉ መለየት፦ ፖቶስ፣ ፊሎደንድሮንና ሲንዳፕሰስ

በእኛ አገር ሳሎን ውስጥ ያለ ተክል ሁሉ "አበባ" ነው። ዓመታት አልፈውት አንድም ቀን ያላበበ ሐረግ እንኳ "አበባውን ውሃ አጠጣው" ይባልለታል። የስም ነገር ሲመጣ ግን ይሄ ያስቸግራል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ተክልን በወገን በወገኑ የሚመድቡት በዋናነት በአበባውና በፍሬው ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለን ቅጠል ብቻ ነው።

የዚህ ችግር ዋና ምሳሌ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ሳይቀር የሚያድገው፣ ቢጫ የተረጨበት ልብ መሰል ቅጠል ያለው ፖቶስ ነው። መነሻው በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የሞሬያ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1880 ስም ሲሰጠው ፖቶስ በሚባለው ወገን ውስጥ ገባ። ቆይቶ ወደ ሲንዳፕሰስ ተዛወረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንዱ አብቦ አበባው ሲመረመር ራፊዶፎራ ተባለ። በ1964 ደግሞ ዛሬ ወዳለበት ወደ ኤፒፕረምነም ተወሰደ። በሳይንስ ከፖቶስ ወገን ከወጣ ቆይቷል፤ በገበያ ግን አሮጌ ስሙ አልለቀቀውም።

የማያብብበት ምክንያትም ታውቋል። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ተክሉ ለማበብ የሚያስፈልገውን ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን በበቂ መጠን አይሠራም። ሆርሞኑ ከውጭ ሲረጭበት አብቧል። ስለዚህ "እስኪያብብ ጠብቄ እለየዋለሁ" የሚል ሰው ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል።

ከፖቶስ ጋር በብዛት የሚምታታው ባለ ልብ ቅጠሉ ፊሎደንድሮን ነው። መነሻው የአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች ነው። ሁለቱም የጎደሬ ዘመዶች ናቸው፤ ሁለቱም ይንጠላጠላሉ፣ ሁለቱም ጥላ ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚለያቸው በቀለም ነው፦ ቢጫ ያለው ፖቶስ፣ ሙሉ አረንጓዴው ፊሎደንድሮን። ይሄ ያሳስታል። ፖቶስ ብርሃን ሲያንሰው ቢጫው እየደበዘዘ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። "ብራዚል" የተባለው የፊሎደንድሮን ዓይነት ደግሞ ቅጠሉ መሃል ላይ ሎሚ መሳይ ቀለም አለው። ቀለምን ለጊዜው እንተወው።

አክስቴ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። መንገድ ዳር ካለ ችግኝ መሸጫ የገዛችው አንድ ማሰሮ ሐረግ ነበራት። "ግማሹ ታሞብኛል መሰለኝ፣ ቅጠሉ እየሳሳ ነው" አለችኝ። ቁጭ ብዬ ሐረጎቹን አንድ በአንድ ለየሁ።

መጀመሪያ ያየሁት አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን ጫፍ ነው። በአንደኛው ሐረግ አዲሱ ቅጠል እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ፣ ከቀደመው ቅጠል ዘንግ ውስጥ ተስቦ ይወጣል። ምንም የተለየ ልባስ የለውም። ይሄ ፖቶስ ነው። በሌላኛው ግን አዲሱ ቅጠል ስስ፣ ሐመር አረንጓዴ ልባስ ለብሷል። ቅጠሉ ሲከፈት ልባሱ ይደርቅና እንደ ቡናማ ወረቀት አንጓው ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም ይወድቃል። ይሄ የፊሎደንድሮን ምልክት ነው። ከሁሉም የማምነው እሱን ነው፤ ሐረጉ አዲስ ቅጠል እያወጣ ካልሆነ ግን የደረቀውን ልባስ ወረድ ብሎ አንጓዎቹ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቅጠሉን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ። የፖቶስ ዘንግ በላይኛው በኩል ቦይ አለው፤ ጣት ሲሄድበት ይታወቃል። የፊሎደንድሮኑ ግን ድብልብል ነው። ዓይን ተጨፍኖ እንኳ የሚሠራ ዘዴ ነው፣ አንዲት ቁራጭ ቅጠል ብቻ በእጅ ስትኖርም ይጠቅማል።

ሦስተኛ ሥሩን አየሁ። ፖቶስ በየአንጓው በአብዛኛው አንድ ወፍራም፣ ጉጥ መሳይ የአየር ሥር ያወጣል። ፊሎደንድሮን ቀጫጭን ሥሮችን በዛ አድርጎ ከአንድ አንጓ ይሰዳል።

የቅጠሉ ቅርጽ መጨረሻ መጣ። የፖቶስ ቅጠል ወፈር ያለ፣ ሰም የተቀባ የሚመስልና ትንሽ ጎርበጥ ያለ ነው፤ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ብዙም አይሰረጉድም። የፊሎደንድሮኑ ሳሳ ያለና ለስላሳ ነው፤ ከላይ ልቡ በደንብ ይሰረጉዳል፣ ጫፉም ቀጠን ብሎ ይሾላል። አዲስ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ነሐስ መሳይ መልክ አለው። ታሟል የተባለው ግማሽ ጤነኛ ፊሎደንድሮን ነበር። ሻጩ ሁለቱን በአንድ ማሰሮ ተክሎ ነው የሸጠላት።

ቅርጽን መጨረሻ ያደረግኩት በምክንያት ነው። ብርሃን ያጣ ሐረግ ቅጠሉ ያንሳል፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ቅጠል በጥሶ መፍረድ አይበቃም፤ ከደረሱት ሦስት አራቱን ማየት ይሻላል።

ሦስተኛው ተምታቺ ሲንዳፕሰስ ነው። በገበያ "የብር ፖቶስ" የሚባለው እሱ ነው። ቅጠሉ አያብረቀርቅም፤ ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ደብዛዛ ገጽ አለው፣ በላዩም የብር ቀለም ነጠብጣብ ተበትኖበታል። ውሃ ሲጠማው ቅጠሉ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ። ሲንዳፕሰስንና ኤፒፕረምነምን በሳይንስ የሚለያቸው አበባው ውስጥ ያለው የዘር እንቁላል ቁጥር ነው፦ ሲንዳፕሰስ በአንዱ እንቁልጢ አንድ ብቻ፣ ኤፒፕረምነም ከአንድ በላይ። ቅጠል ያን አያሳይም። በቅጠል መለየት የሚሳካልን ገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች ጥቂት ስለሆኑ ነው። ጫካ ውስጥ ከሆነ ይሄ ዘዴ ያሳፍራል።

ከዘመድ ውጭ የሚምታታም አለ። ሆያ ልብ መሰል ቅጠል ያለው ዓይነት አላት፤ ቅጠሎቿ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ፣ ሲቆረጡም ነጭ ወተት ይፈሳቸዋል። ከላይ ያሉት ሦስቱ ቅጠላቸውን አንድ በአንድ በተራ ያወጣሉ፣ ወተትም የላቸውም።

ልጅ ወይም ድመት ያለበት ቤት ግን ሦስቱን መለየት ለጥንቃቄው ለውጥ አያመጣም። ሁሉም ጥሬ ጎደሬ ጉሮሮን የሚያሳክክበትን መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣት በቅጠላቸው ይዘዋል። ሲታኘኩ አፍና ምላስ ያቃጥላሉ።

ፖቶስ ዛፍ ወይም ግድግዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ስህተት ይመጣል። ሽቅብ በወጣ ቁጥር ቅጠሉ እየሰፋ ከግማሽ ሜትር ያልፋል፣ ከጠርዙም ወደ መሃል መሰንጠቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰው ሞንስቴራ ነው ይላል። የደረሰ የሞንስቴራ ቅጠል ከጠርዝ ስንጥቁ ሌላ፣ መሃል ጅማቱ አጠገብ ዙሪያቸው የተዘጋ ትላልቅ ቀዳዳዎች አሉት። ፖቶሱ ስንጥቅ ብቻ ነው ያለው። ከተጠራጠራችሁ ሐረጉን ተከትላችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ መሬቱ አጠገብ በጠርሙስ ውስጥ የምናውቃትን ያችኑ ትንሽ ባለ ቢጫ ቅጠል ታገኛላችሁ።