በማስተማር መማር

በማስተማር መማር አንድን እውቀት ወይም ክህሎት ለሌላ ሰው በማስረዳት የራስን ግንዛቤ ጥልቅ የማድረግ ስልት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪሊየስ በጻፈው ደብዳቤ ሰዎች ሲያስተምሩ እንደሚማሩ ጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጀርመን ፈረንሳይኛ ያስተምር የነበረው ዣን ፖል ማርቲን ትምህርቱን ለተማሪዎቹ እያከፋፈለ እርስ በርስ እንዲያስተምሩ በማድረግ ስልቱን በመደበኛ ክፍል ውስጥ አዳብሮታል።

ስልቱ የሚሠራበትን ምክንያት ለማወቅ ብዙ ጥናት ተደርጓል። ሎጋን ፊዮሬላና ሪቻርድ ሜየር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ስለ ዶፕለር ክስተት አነበቡ፤ ይህም የድምፅ ምንጭ ሲቀርብና ሲርቅ የምንሰማው ድምፅ ለምን እንደሚቀጥንና እንደሚወፍር የሚያስረዳ ትምህርት ነው። ቆይቶ በተሰጠው ፈተና በቪዲዮ ካሜራ ፊት ያስተማሩት፣ ለማስተማር ተዘጋጅተው ሳያስተምሩ ከቀሩት የተሻለ ውጤት አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የሲንጋፖር ተመራማሪዎች አንድ ወሳኝ ነገር ጨመሩ፦ ከአንድ ሳምንት በኋላ ብልጫ ያሳዩት ማስታወሻ ሳይዙ ያስተማሩት ናቸው። የተዘጋጀ ጽሑፍ እያዩ ያስተማሩት ያን ያህል አልተጠቀሙም፤ ሳያስተምሩ ያነበቡትን በቃል ለማስታወስ የሞከሩት ግን ማስታወሻ ሳይዙ ካስተማሩት አላነሱም። ስለዚህ ከጥቅሙ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው እውቀቱን ከራስ አእምሮ ፈልጎ ከማውጣት ይመስላል። ደብተር ከፍቶ ማስረዳት ይህን ሥራ ያስቀራል።

ሌላው ድርሻ የሚመጣው ከአድማጩ ጥያቄ ነው። ሮድ ሮስኮና ሚሼሊን ቺ የአስጠኚ ተማሪዎችን ሥራ መርምረው አብዛኞቹ የሚያውቁትን ከመናገር እንደማያልፉ አስተውለዋል። እውቀታቸውን እንደገና የሚያደራጁት፣ ክፍተት አግኝተው የሚሞሉት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወደዚያ ከሚገፏቸው ነገሮች አንዱም የተማሪው ጠለቅ ያለ ጥያቄ ነው።

ልዩነቱ በክፍልፋይ ማካፈል ላይ በደንብ ይታያል። 3/4ን ለ2/3 አካፍይ የተባለች ተማሪ አካፋዩን ገልብጣ ታባዛለች፤ 3/4 × 3/2 = 9/8። መልሱ ትክክል ነው፤ መቶ ጥያቄ ቢሰጣት መቶውንም ልትመልስ ትችላለች። ታናሽ ወንድሟን ስታስጠና «ለምን ይገለበጣል?» ቢላት ግን ደንቡን መድገም መልስ አይሆንም። ማካፈል ምን ማለት እንደሆነ መመለስ አለባት፦ በ3/4 ውስጥ ስንት 2/3 አለ? መጀመሪያ በአንድ ሙሉ ውስጥ ስንት 2/3 እንዳለ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ 2/3 ሲወጣ 1/3 ይተርፋል፤ እሱም የ2/3 ግማሽ ነው። ስለዚህ በአንድ ሙሉ ውስጥ አንድ ተኩል፣ ማለትም 3/2 ጊዜ አለ። የተገለበጠው ቁጥር ከዚህ መጣ። በእጃችን ያለው ደግሞ የአንድ ሙሉ 3/4 ብቻ ስለሆነ የ3/2ን 3/4 እንወስዳለን፤ ማባዛቱም ከዚህ መጣ።

ወንድሟ አሁንም ላይረካ ይችላል። «ከ3/4 ላይ 2/3 ብቀንስ የሚተርፈው 1/12 ነው። መልሱ ግን አንድ ከ1/8 ይላል። 1/8 ከየት መጣ?» ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው የበለጠ ዋጋ አለው። ለመመለስ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት በተለያየ መስፈሪያ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። 1/12 የተለካው በአንዱ ሙሉ ነው፤ 1/8 ግን በ2/3 ነው። 2/3 ማለት 8/12 ስለሆነ፣ የተረፈው 1/12 የእሱ አንድ ስምንተኛ ነው። ገልብጦ ማባዛቱን አሳምሮ የሚያውቅ ሰውም እዚህ ላይ ሊደናገር ይችላል፤ ስሌቱ ትክክለኛ መልስ እየሰጠ የሚቀጥል በመሆኑ ክፍተቱ በልምምድ ብቻ አይጋለጥም።

ስልቱ ገደብ አለው። አስረጂው መነሻውን ራሱ ካልያዘ ከአእምሮው የሚያወጣው ነገር አይኖርም። የተሳሳተ ነገር ካስረዳና አድማጩም ካላወቀ ደግሞ፣ ስህተቱ ሳይታረም በመደጋገም ሊጸና ይችላል። ስለዚህ ካስረዱ በኋላ መጽሐፉን ከፍቶ ማመሳከር የሥራው አካል ነው።

ማብራሪያው ንግግር ብቻ ሆኖ ሲቀር በምልክቶቹ ይታወቃል። አስረጂው «ለምን» ሲባል የደንቡን ቃላት መልሶ ይደግማል፤ አዲስ ምሳሌ ሲጠየቅ በመጽሐፉ ያየውን ብቻ ያነሳል፤ አድማጩም «ገባኝ» ብሎ ቁጥሩ የተቀየረበትን ጥያቄ ማስረዳት ያቅተዋል። እዚያ ላይ ቆም ብሎ አድማጩ በራሱ ቃል እንዲመልስ መጠየቅ፣ የጎደለው የትኛው እርምጃ እንደሆነ ለሁለቱም ያሳያል።