ሲኦሲ ምንድን ነው? ከስልጠና ሰርተፊኬትስ በምን ይለያል?

ረዳት የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ክምሩን ያውቀዋል። ከሲቪው ኋላ አራት አምስት ሰርተፊኬት ተያይዟል። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ መሠረታዊ ኮምፒውተር፣ የደንበኞች አያያዝ፣ አንዳንዴም የአንድ ቀን የሊደርሺፕ ስልጠና። ሁሉም ማኅተም አለው። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ሙያ ማስረጃ የሚቆጠረው የቱ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሲኦሲን ማወቅ ይጠቅማል። ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ኮሌጅ ወይም ማሰልጠኛ የሚሰጠው ወረቀት አይደለም። ለየሙያው አንድ ሠራተኛ ምን ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝር የሙያ ደረጃ አለ፤ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይሄዳል። ተመዛኙ ምዘና ማዕከል ይሄድና በጽሑፍ ይፈተናል፤ ከዚያ መዛኝ እያየው በተግባር ይሠራል። ውጤቱ 78 ወይም 92 ተብሎ አይነገርም። ወይ ብቁ ነህ፣ ወይ ገና ብቁ አይደለህም።

ዋናው ነገር ግን ያሠለጠነህ ሌላ፣ የመዘነህ ሌላ መሆኑ ነው። ከየት ተማርክ የሚለውም ብዙ ቦታ የለውም። ከአባቱ ሥር አናጢነት የለመደ ሰውም ቀርቦ መመዘን ይችላል። ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ስለ እጁ ነው። አገሩም ይህን ልዩነት በሕግ ተጠቅሞበታል፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቶ ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል ጨርሶ ሲኦሲ እንዲይዝ ሲጠይቅ፣ ስልጠና ወስዷል የሚል ወረቀት ብቻ አይበቃም ማለቱ ነበር።

የአጭር ስልጠና ሰርተፊኬት ሌላ ነው። አንዳንዱ «ተሳትፏል» ይላል፤ ወንበር ላይ መቀመጥህን ይመሰክራል። አንዳንዱ «አጠናቋል» ይላል፤ እስከ መጨረሻው መቅረትህ ጥቂት ነበር ማለት ነው። ፈተና ኖሮትም ቢሆን ፈተናውን ያወጣው፣ ያረመው፣ ሰርተፊኬቱንም የፈረመው ክፍያህን የተቀበለው ያው አሠልጣኝ ነው። ሰውን ጥሎ ማሰናበት ለንግዱ አይመችም። ይህን ስል ውሸታሞች ናቸው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ በደንብ ያስተምራሉ። ግን ወረቀቱ ብቻውን በደንብ ከሚያስተምረውና ከማያስተምረው አይለይልህም። ስለዚህ ሰርተፊኬት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ርዕሱን አይደለም። ስንት ሰዓት ይላል? የተማራቸውን ነገሮች ከጀርባው ይዘረዝራል? ተፈትኗል ይላል ወይስ ተሳትፏል?

ፒችትሪን እንውሰድ። የፕሮግራሙ ስም ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ግን ፒችትሪ ማለታችንን አልተውንም። ቀጣሪውም ማስታወቂያው ላይ ይጽፈዋል። በአካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ ዲግሪው ላይ ሳይሆን ፕሮግራሙ ላይ ስለሚጠየቅ ሮጦ ይሰለጥናል። እዚህ ላይ አጭሩ ስልጠና ከዲግሪው የማይገኝ ነገር ይሰጣል፤ ስለዚህ ዋጋ አለው። ችግሩ ፕሮግራሙን ማወቅና ሒሳብ ማወቅ ሁለት ነገር መሆናቸው ነው። ስልጠናው ላይ መለማመጃው ድርጅት ፕሮግራሙ ውስጥ የተዘጋጀ ነው፣ ደረሰኙ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ነገር ይገጥማል። ቢሮ ውስጥ ምንም አይገጥምም።

ለአንድ አስመጪ ድርጅት ሰው ስንቀጥር ሦስት አመልካቾችን 40 ደቂቃ አስቀምጠን ፈተንን። ኮምፒውተር እንኳ አልከፈትንም። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ነበር፦ ቫትን ጨምሮ 11,500 ብር የሸጥንበት ደረሰኝ አለ፤ ቫቱ ስንት ነው? ከሁሉም ወፍራም ሲቪ የነበረው ልጅ 11,500ን በ15 በመቶ አባዝቶ 1,725 ጻፈ። ስህተቱ የታወቀ ነው። ቫቱ የሚሰላው ከዋጋው ላይ እንጂ ቫቱ ከገባበት ድምር ላይ አይደለም። 11,500ን ለ1.15 ስታካፍል 10,000 ይመጣል፤ ቫቱ 1,500 ነው። ፕሮግራሙ ይህን ራሱ ስለሚያሰላ ስልጠና ላይ ማንም አያጋልጥህም።

ሁለተኛው ባንክ ማስታረቅ ነበር። የባንኩ ስቴትመንት 84,200 ብር ይላል፣ የእኛ መዝገብ 79,650። ጽፈን የሰጠነው የ5,000 ብር ቼክ ገና አልተመነዘረም። ባንኩ ደግሞ 450 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቆርጧል፤ እኛ አልመዘገብንም። ቼኩ የሚቀነሰው ከባንኩ ነው፦ 79,200። የአገልግሎቱ ክፍያ የሚቀነሰው ከመዝገባችን ነው፦ 79,200። ተገናኙ። አንደኛው ልጅ ሁለቱንም ከመዝገቡ ላይ ቀነሰና 74,200 አገኘ፤ ከዚያ አልገጠመለትምና ልዩነቱን «ሌሎች ወጪዎች» ብሎ አስገባው። ይሄ ከስህተት የባሰ ነው። የማይገጥምን ሒሳብ አስገድዶ የማስገጠም ልማድ ነው፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ሰርተፊኬት አይነግርህም።

ሦስተኛውን በቃል ጠየቅን። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በፈረንጆች ጁላይ 8 ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው። የሂሳብ ወቅቱን እንዴት ትከፍለዋለህ? ጳጉሜንስ የት ትገባለች? በፒችትሪ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ሲመጣ ፈገግ ይላል። አንድ ወር ሙሉ የተመዘገበ ሒሳብ የተሳሳተ ወቅት ውስጥ ገብቶበት ያውቃላ። የተሰለጠነ ብቻ ከሆነ ግን «እንዴት ማለት?» ይላል።

ታዲያ ሰርተፊኬቱ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? እኔ ለማጣሪያ እቆጥረዋለሁ፤ ለምርጫ አልቆጥረውም። ለፈተና ማንን እንደምጠራ ይረዳኛል። ሲኦሲ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከአሠልጣኙ ውጭ ያለ ሰው አይቶታልና። ግን እሱም ቢሆን ዝቅተኛውን ደረጃ አልፏል ነው የሚለው። ለምዘናው ብቻ ሸምድዶ ገብቶ፣ ከወር በኋላ የረሳ ሰው አይቻለሁ። በሌላ በኩል አንዳንድ ቀጣሪ ሰርተፊኬቱን የግድ ያደርገውና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወረቀት ስለሌለው ብቻ በሩ ላይ ይመልሳል። እንዲህ ሲሆን ሰው ወረቀቱን ለመግዛት ይሄዳል። የሚሸጥም አይጠፋም።

የቀጠርናት አንድ ሰርተፊኬት ብቻ የነበራትን ልጅ ነው። ቫቱን አገኘች፤ ባንኩንም ቀስ ብላ አስታረቀች። የወቅቱ ጥያቄ ላይ «አላውቅም፣ ድርጅቱን አሠልጣኙ ፕሮግራሙ ላይ ከፍቶ ነው የሰጠን» አለች። የሙከራ ጊዜዋን በጽሑፍ ያዝን፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ የሐምሌን ደረሰኝ በነሐሴ መዝግባ ራሷ አገኘችውና ሳንጠይቃት ነገረችን።