«ስታርትአፕ ፕሮግራም» ምንድን ነው? ዘግይቶ የሚነሣ ኮምፒውተር ውሎ አድሮ ቀጥ የሚለውስ ለምንድን ነው?

ስታርትአፕ ፕሮግራም የሚባለው ማንም ሳይከፍተው ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ፕሮግራም ነው። የድምፅ ወይም የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም እንዲህ መነሣቱ ተገቢ ነው፤ ብዙው ግን በተጫነ ዕለት ባለቤቱን በግልጽ ሳይጠይቅ ራሱን ከተነሺዎቹ መካከል ያስገባ ነው። የዚህ ጉዳት መጀመሪያ የሚታየው በመነሻው ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሰው ታግሦ ያልፈዋል። ዊንዶውስ ራሱ የተጫነበት ሲ ድራይቭ ሲሞላ ግን መዘግየቱ በሥራ መሀል ወደ መቆም ይለወጣል።

በባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት ደንበኛ ላፕቶፕዋን ይዛ መጥታ «ወንድሜ፣ ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም» አለችኝ። ለመነሣት ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር፤ ከተነሣ በኋላም የተማሪ ጽሑፍ እያተመች ሳለ ማውሱ ድንገት ይደርቅና ከደቂቃ በኋላ ራሱ ይለቅቃል። የተከፈቱ ፕሮግራሞች በሥራ ላይ ሳሉ የሚቀመጡበት ጊዜያዊ ማከማቻ፣ ማለትም ራሙ፣ 4 ጊጋ ባይት፣ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነበር። ከ100 ጊጋ ባይቱ ሲ ድራይቭ የቀረው ባዶ ቦታ 1 ጊጋ ባይት ያህል ብቻ ሲሆን፣ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ደግሞ 13 ነበሩ።

ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚያነብበት ክንድ በአንድ ጊዜ ሊገኝ የሚችለው በአንድ ቦታ ነው። ዐሥራ ሦስት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ፋይላቸውን ሲጠይቁት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል፤ ከሚያነብበት ጊዜ ይልቅ የሚመላለስበት ይበዛል። የመነሻው መዘግየት ከዚህ ይመጣል። ኤስኤስዲ በሚባለው የሚሽከረከር ነገር በሌለው የዲስክ ዓይነት ላይ ግን ክንድ ስለሌለ ይህኛው ችግር በጣም ይቀልላል።

በመሀል ቀጥ ማለቱ ግን በዋናነት የራም ጉዳይ ነው። የተነሡት ፕሮግራሞች ባንጠቀምባቸውም ራም ይይዛሉ፤ በላያቸው ላይ ክሮምና ዎርድ ሲከፈቱ ቦታ ይጠብባል። በዚህን ጊዜ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈለገውን ከራም አውጥቶ `pagefile.sys` በተባለ ፋይል ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ ፋይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ ነው። የተቀመጠው ተመልሶ ሲፈለግ ከዘገምተኛው ዲስክ እስኪመጣ ድረስ ስክሪኑ ይደርቃል። ድራይቩ ሞልቶ ፋይሉ የሚያድግበት ቦታ ካጣ ደግሞ ፕሮግራሞች መልስ መስጠት ያቆማሉ ወይም ራሳቸው ይዘጋሉ። ደንበኛዬ በንዴት የማብሪያውን ቁልፍ ተጭና ስታጠፋው ያልተቀመጠ ሥራዋ ይጠፋባት ነበር፤ ሲነሣም ያው 13ቱ እንደገና ይሰለፋሉ።

ይህን ለማረጋገጥ `Ctrl + Shift + Esc` ተጭኖ `Task Manager` መክፈትና `Performance` የሚለውን ማየት ይበቃል። የእሷ ላፕቶፕ ሲደርቅ `Memory` ከ90 በመቶ በላይ፣ `Disk` ደግሞ 100 በመቶ ይል ነበር። እዚያው `Startup` ወይም `Startup apps` በሚለው ሥር የተነሺዎቹ ዝርዝር አለ፤ የማይፈለገውን መርጦ `Disable` ማለት ፕሮግራሙን አያጠፋውም፣ ሲፈለግ በእጅ ይከፈታል። ከ13ቱ ዘጠኙን እንዲህ አስቆምኩ። የጸረ ቫይረሱን፣ የድምፁንና የመዳሰሻ ሰሌዳውን አልነካሁም፤ ስሙን የማያውቁትንም ምን እንደሆነ ሳያጣሩ አለመንካት ይሻላል።

ሲ ድራይቩን የሞላው ተማሪዎች ለማተም በቴሌግራም የሚልኩላት ፋይል ነበር። ፋይሎቹ `Downloads` ውስጥ ባለው `Telegram Desktop` በተባለ ፎልደር ተከማችተው 30 ጊጋ ባይት ደርሰዋል። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠውም አብዛኛውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እሷም አላወቀችም ነበር። የሚፈለገውን ወደ ዲ ድራይቭ አዛወርን፣ የቀረውን አጥፍተን `Recycle Bin` ባዶ አደረግን፤ እሱ ባዶ ካልሆነ ቦታው አይለቀቅም። ከዚያ `Settings`፣ `System`፣ `Storage`፣ `Temporary files` በሚለው መንገድ ጊዜያዊ ፋይሎችን አጸዳን። እዚያ ዝርዝር ውስጥ `Downloads` ራሱም ስላለ፣ የመምረጫው ምልክት እላዩ ላይ መኖር አለመኖሩ ሳይታይ `Remove files` ከተባለ የሚፈለግ ፋይል አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በእጅ ገብቶ ከ`Windows` ፎልደር ውስጥ መሰረዝ ግን ኮምፒውተሩን ጨርሶ እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል። እኔ ከድራይቩ ቢያንስ 15 በመቶ ያህሉ ባዶ እንዲሆን እመክራለሁ።

ላፕቶፑ አሁን ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይነሣል። በራሙ ማነስ ምክንያት ብዙ ገጽ በክሮም ሲከፈት አሁንም ይከብደዋል፤ ያንን የሚፈታው ራም መጨመር ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ራሙም ድራይቩም በቂ ቦታ እያላቸው `Disk` 100 በመቶ ላይ ከቆመ፣ ይልቁንም ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ዲስኩ ራሱ እየተበላሸ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ነገር ከመሞከር በፊት ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል።