«መርቻለሁ» ማለት አለቃ ነበርኩ ማለት አይደለም

ደብረ ማርቆስ ያለች የውሃ መሐንዲስ ጓደኛዬ ለሲኒየርነት እድገት ማመልከቻዋ «በፓምፕ ጥገና ተሳትፌያለሁ» ብላ ጻፈች። «መርቻለሁ» እንዳትል ከሥሯ ሠራተኛ የለም። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። እዚህ ላይ መምራት ማለት የወሰነው ማን ነው፣ ቢበላሽስ የሚጠየቀው ማን ነበር ማለት ነው።

ሥራዋን እንየው። ሞተሩ በተደጋጋሚ ይቃጠላል። ሌሎቹ ትልቅ ፓምፕ ይገዛ አሉ። እሷ የኤሌክትሪክ መስመሩን ለካች። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ እየጠፋ ሁለቱ ከልክ በላይ ይጫናሉ፤ ሞተሩ የሚግለውም ለዚህ ነው። ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ መርጣ አስገጠመች። ታዲያ ይሄ «ተሳትፎ» ነው?

እንዲህ ትጻፈው፦ «የመቃጠሉን ምክንያት ለይቼ፣ ግዢውን አስቀርቼ፣ መፍትሔውን መርጬ አስተግብሬያለሁ።» ገጠማውን ግን ኤሌክትሪሻኑ ስለሠራው «ገጠምኩ» ማለት የለባትም።