በአዲስ አበባ ዳር ያለ ገስት ሀውስ የአልጋ ዋጋ፦ ሠርግ፣ በዓልና ክረምት

ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታና በገላን ያሉ ትንንሽ ገስት ሀውሶች ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ አይሠሩም። ብዙዎቹ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት ዋጋ «መደበኛ»፣ «በዓል» እና «ጥር» ተብሎ የተከፈለ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሠርጉ ሰሞን የሚለካው በወር ስም ሳይሆን ሁዳዴ በሚገባበት ቀን ነው።

የኦርቶዶክስ ሠርግ በጾም አይደገስም። ከገና በኋላ ሠርጉ ይጀምራል፣ ከጥምቀት ወዲያ ይደምቃል፣ ሁዳዴ ሲገባ ይቆማል። ጥምቀት ጥር 11 ላይ ቋሚ ነው፤ ሁዳዴ ግን ፋሲካን ተከትሎ በየዓመቱ ይዘዋወራል። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለዋለ ሁዳዴ የገባው የካቲት 9 ነበር። በ2019 ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል፣ ሁዳዴም የካቲት 29 ይገባል። ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ ያሉትን እሑዶች ብንቆጥር በ2018 አራት፣ በ2019 ሰባት ናቸው። በመሃል የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ቢኖርም ከሰኞ እስከ ረቡዕ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድን አይነካም።

ስምንት አልጋ ያለው አንድ ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። መደበኛ ዋጋው 1,500፣ የሠርግ ቅዳሜና እሑድ ዋጋው 2,000 ብር ይሁን። ባለቤቱ ጭማሪውን «ጥር» ብሎ ከጻፈ በ2019 የካቲት ውስጥ የሚውሉት አራት የሠርግ እሑዶች በመደበኛ ዋጋ ይሸጣሉ። ቤቱ ከሞላ፣ በአራት ሳምንት የሁለት ሁለት ሌሊት የ500 ብር ልዩነት ለስምንት አልጋ 32,000 ብር ይሆናል። ያን ያህል ገንዘብ ከመቅረት የሚያድን ሥራ ቢኖር ባሕረ ሐሳቡን አስቀድሞ ማየት ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰሞን ግን ርዝመቱ አይለወጥም። እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ነው፣ ሠርጉም በብዛት ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ ይበዛል። የሚለወጠው የሚያበቃበት ቀን ነው። በ2018 ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 ሲሆን በ2019 ሰኔ 13 ላይ ይውላል። ስለዚህ በ2019 በዚህ ሰሞን መጨረሻ ላይ ያሉትን ሠርጎች ዝናብ ያገኛቸዋል። የመንገዱ ጭቃ እንግዳውን ወደ ከተማ ሊመልሰው ስለሚችል ለሰኔ ሙሉውን ጭማሪ መጠየቅ አይመከርም።

ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ በረመዳን ሠርግ አይደግሱም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ እሱም ከአጽዋማቱ ጋር አንድ ላይ መታየት አለበት። ፕሮቴስታንቶች በጾም ስለማይታሰሩ በሁዳዴም ሊያገቡ ይችላሉ። ባዶ ቅዳሜ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው።

የሠርግ ቡድን ስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለመልስ ትቆያላችሁ?» ነው። ጓደኞች አንድ ሌሊት አድረው ይሄዳሉ፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ግን እስከ መልሱ ይቆያል። ስድስት አልጋ ለቅዳሜ ብቻ ከተያዘ ቅዳሜንና እሑድን አንድ ላይ የሚፈልግ እንግዳ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ አልጋ ለሚይዝ ቡድን ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማለት ከዋጋ ጭማሪ ይበልጣል። ግማሹን ቀብድ መቀበልና እስከ መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ ማስቀመጥም አይዘለልም። ቀኑ ሲዛወር ጠብ የሚነሳው በዚሁ ቀብድ ነው።

በዓል ሁሉ ገበያ አይደለም። በገና እና በፋሲካ ሌሊት ሰው ዘመድ ቤት ያድራል፣ ሠራተኛውም ፈቃድ ይፈልጋል። ያኔ ዋጋ መጨመር ባዶ አልጋ ላይ መጨመር ነው። የገና ትርፍ ያለው ለበዓሉ ገብቶ ጥምቀትን ሳያይ የማይመለሰው የዳያስፖራ እንግዳ ጋር ነው። እሱ የሚፈልገው የሌሊት ዋጋ ሳይሆን ለሁለት ሳምንት አንድ የተቆረጠ ሒሳብ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ቀዝቃዛ ናቸው። ቅናሽ ሲደረግ ወለሉ መታወቅ አለበት። ለአንድ ሌሊት አንሶላ ማጠቢያ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ውሃና ቁርስ 500 ብር ከወሰደ ከ700 በታች መውረድ ድካሙን አይከፍልም። በክረምት አንሶላ በቶሎ ስለማይደርቅ ወጪው ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። በፍልሰታ ግን ቁርሱ ከእንቁላል ወደ ጾም ፍርፍር ሲዞር ትንሽ ይቀልላል።

ለክረምቱ የተሻለው መፍትሔ ወርሃዊ እንግዳ ነው፤ በአካባቢው ግንባታ የሚሠሩ ፎርማኖችና ሾፌሮች ሁለትና ሦስት አልጋ ለወር ይይዛሉ። ቁርስና የየቀኑ አንሶላ መቀየር ከሒሳቡ ይወጣል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ውሉ ላይ የሚያበቃበት ቀን ጳጉሜን 3 ተብሎ ካልተጻፈ ግን ለእንቁጣጣሽ የተያዘው አልጋ ውስጥ የወር ተከራይ ተኝቶ ይገኛል።