ለታፕ ስንት ቁጥር ፑንታ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለኤም10 ሁልጊዜ 8.5 ነው»

ታፕ በቀዳዳ ውስጥ ለቡሎን የሚሆን ጥርስ ያወጣል፤ ቀዳዳው ግን አስቀድሞ በፑንታ ይበሳል። የውጭ ዲያሜትሩ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነው ኤም10 ቡሎን ፑንታው 8.5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ፒቹ 1.5 ሲሆን ብቻ ነው። ፒች ማለት ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ኤም10 ቡሎን በ1.25 እና በ1.0 ፒችም ይሠራል። በሜትሪክ ጥርስ የመነሻ ስሌቱ ከቡሎኑ የውጭ ዲያሜትር ላይ ፒቹን መቀነስ ነው፤ ስለዚህ ለ1.25 ፒች 8.75፣ ለ1.0 ፒች ደግሞ 9.0 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ፒቹ 1.0 የሆነን ታፕ በ8.5 ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት የሚሞክር ሰው ታፑን ሊሰብር ይችላል። ቁጥሩን ከማስታወስ ይልቅ የታፑ አንገት ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል።

«ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ጥርሱ ይጠነክራል»

ብዙ ታፕ የሚሰበረው በዚህ እምነት ነው። የተበሳው ብረት ከቡሎኑ ደካማ ሲሆን የውስጥ ጥርስ የሚላጠው ከሥሩ፣ በቡሎኑ የውጭ ዲያሜትር አካባቢ ነው። ቀዳዳውን ትንሽ ስናሰፋው የሚቀነሰው የጥርሱ ጫፍ እንጂ ሥሩ አይደለም። ጭነቱን የሚሸከመው ወፍራሙ ክፍል እንዳለ ይቀራል። ቀዳዳው ሲጠብ ግን ታፑ የሚቆርጠው ብረት ይበዛል፣ ፍቅፋቂው በታፑ ቦዮች ውስጥ ይታጨቃል፣ ለመዞር የሚጠይቀው ጉልበትም በፍጥነት ይጨምራል። ታፑ እየጮኸ ከዞረና የጥርሱ ጫፍ ተቀዳዶ ከወጣ፣ መጀመሪያ መለካት ያለበት ቀዳዳው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው ጥርሱ ከሙሉ ጥልቀቱ ስንት በመቶ እንዲሆን እንደምንፈልግ ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
d = D - (P × % ÷ 77)
```

D የቡሎኑ የውጭ ዲያሜትር፣ P ፒቹ፣ d ደግሞ የቀዳዳው ዲያሜትር ነው። 77 በመቶ ስናስገባ «ፒቹን ቀንስ» የሚለው የተለመደ ሕግ ራሱ ይወጣል።

ጠንካራ ብረት ላይ ኤም10×1.5 እናወጣለን እንበል። ታፑ እንዳይጨነቅ 70 በመቶ እንመርጣለን። 1.5 በ70 ተባዝቶ ለ77 ሲካፈል 1.36 ይሆናል፤ ከ10 ሲቀነስ 8.64 ይቀራል። በቅርብ የሚገኘው ፑንታ 8.6 ሲሆን 72 በመቶ ገደማ ይሰጣል። አሁን ልኩን ከተፈቀደው ክልል ጋር እናስተያያለን፤ በተለመደው 6ኤች የልክ ደረጃ የዚህ ጥርስ የውስጥ ዲያሜትር ከ8.376 እስከ 8.676 መሆን አለበት። 8.6 ክልሉ ውስጥ ነው። 8.7 ግን 67 በመቶ ገደማ ቢሰጥም ከክልሉ ይወጣል፤ ጥርሱ ቡሎኑን ሊይዝ ይችላል፣ በልክ ማረጋገጫ ጌጅ ግን አያልፍም።

«8.6 ፑንታ 8.6 ቀዳዳ ይበሳል»

ሁልጊዜ አይበሳም፤ በተለይ በእጅ ትራፓኖ። ከንፈሮቹ እኩል ያልተሳሉ ወይም የሚወዛወዝ ፑንታ ከራሱ ስፋት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል አስፍቶ ሊበሳ ይችላል። ያኔ በስሌት ያገኘነው 8.6 በተግባር 8.7 ሆኖ ከክልሉ ይወጣል። ስለዚህ በእጅ ለሚበሳ ቀዳዳ 8.5 የተሻለ ምርጫ ነው፤ ቢሰፋ እንኳ 8.6 አካባቢ ያርፋል። 8.6 የሚመረጠው ሥራው ጠንክሮ በታሰረበት፣ ፑንታው ቀጥ ብሎ በሚዞርበት ማሽን ላይ ነው። መጀመሪያ በቁራጭ ብረት ላይ በስቶ በካሊፐር መለካት ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

«አልሙኒየም ስለሚላጥ ቀዳዳውን ማጥበብ ያስፈልጋል»

አልሙኒየም ላይ መጨመር ያለበት ርዝመቱ ነው። ብረት ቡሎን ብረት ውስጥ ሲገባ በዲያሜትሩ ልክ ቢይዝ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል፤ ለኤም10 ይህ 10 ሚሊ ሜትር ነው። አልሙኒየም ውስጥ እስከ እጥፍ፣ 20 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ጥርስ ሙሉ ሥሩን ይዞ ስለሚመጣ የሚላጠውን ስፋት በእርግጥ ይጨምራል። ቦታው ይህን ርዝመት ካልፈቀደ ቀዳዳውን ማጥበብ ችግሩን አይፈታም፤ የብረት ጥርስ እጅጌ ማስገባት ወይም ወፈር ያለ ቡሎን መምረጥ ያስፈልጋል።

«ታፕ ሁሉ አንድ ነው፣ ቀዳዳውም አንድ ነው»

ቦይ የሌለው፣ ብረቱን ሳይቆርጥ እየገፋ ጥርስ የሚያወጣ ታፕ አለ። የተገፋው ብረት ወደ ውስጥ ስለሚያብጥ ቀዳዳው ሰፋ ብሎ መጀመር አለበት፤ የሚቀነሰው የፒቹ ግማሽ ያህል ነው። ለኤም10×1.5 9.25 ወይም 9.3 ይሆናል። ከላይ ያለው ስሌት ለዚህ ታፕ አይሠራም፤ በ8.5 ቀዳዳ ከተሞከረ ብረቱ የሚሄድበት አጥቶ ታፑን ቀርቅሮ ይይዘዋል።