«እሺ» ሲሉን የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ረጅም መልእክት ጽፌላት "እሺ" ብቻ ብላ መለሰችልኝ። ተስማማች? ተናደደች? ወይስ ሥራ በዝቶባት ነው?»

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለ ማተሚያ ቤት ደንበኛ ተቀባይ ነኝ። ትእዛዝ የምንቀበለው፣ ናሙና የምንልከው፣ ዋጋ የምንነጋገረው በአብዛኛው በቴሌግራም ስለሆነ ከምሳ በፊት ብቻ ሃያም ሠላሳም «እሺ» ይደርሰኛል። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች አንዷን «እሺ» ይዘው ስልክ እየተቀባበሉ «ተቆጥታለች»፣ «አልተቆጣችም» እያሉ ሲከራከሩ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቃሏ ሁለት ፊደል ናት። ሁለት ፊደል ውስጥ የሰው ልብ አይነበብም። የሚነበበው እኛ ከእሷ በፊት በጻፍነውና ሰውየው ከእሷ በኋላ በሚያደርገው ነገር ነው።

«ብቻዋን የመጣች "እሺ" ቁጣ ናት።»

አንዳንዴ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለችም። ለመለየት መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ቀላል ሆኖ ሳለ ማንም አያደርገውም፤ የዚያኑ ሰው የቆዩ መልእክቶች ወደ ላይ እየገፉ ማየት ነው። ሁልጊዜ «እሺ» ብቻ የሚል ሰው ዛሬም «እሺ» ቢል ምንም አልተለወጠም። ትርጉም ሊኖረው የሚችለው ከራሱ ልማድ ሲወጣ ነው፤ ከእኛ ልማድ ሲለይ አይደለም።

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነች የቆየች ደንበኛ አለችኝ። የእሷ «እሺ» ብቻዋን መጥታ አታውቅም፤ «እሺ እህቴ፣ ተባረኪ፣ መቼ ይደርስልኛል?» ነው የምትለው። አንድ ቀን የወረቀት ዋጋ ስለጨመረ የደብዳቤ ወረቀታቸው ዋጋም መጨመሩን ጻፍኩላት። «እሺ» አለች። በቃ። እኔም እንደሌላው ሰው ምርቃቱ በመቅረቱ ቅር ልሰኝ ነበር። ጉዳዩ የነበረው ግን ምርቃቱ ላይ አልነበረም፤ የቀረችው ጥያቄ ላይ ነበር። ዋጋ የተቀበለ ሰው ቀጥሎ የሚያሳስበው የሚረከብበት ቀን ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ማታም ቢሆን ተመልሶ ይጠይቃል። እሷ በዚያ ቀን አልጠየቀችም፤ በማግስቱም አልጠየቀችም። ስደውልላት ከሌላ ማተሚያ ቤት ዋጋ እያሰባሰበች ነበር፤ ቅር ብሏታል፣ ደግሞም እውነቷን ነው፤ ጭማሪውን አስቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ሸግሎፍና ሳክስ የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁራን በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ የስልክ ንግግር ውስጥ «ኦኬ» የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ በር መዝጊያ መሆኗን አሳይተዋል፤ ተናጋሪው «እኔ የምጨምረው የለኝም፣ አንተስ?» እንደማለት ነው የሚጠቀምባት። የእኛም «እሺ» ስልክ ሲዘጋ ምን እንደምትሠራ ልብ በሉ፤ «እሺ… እሺ በቃ… እሺ ቻው»። ስለዚህ ወሬው ባለቀበት ቦታ የመጣች «እሺ» በሩን በሥርዓት ዘግታለች፤ ምንም አትፈልጉባት። ገና ጥያቄ ሊነሳ በሚገባበት ቦታ ላይ መጥታ በሩን ስትዘጋ ነው መጠርጠር።

«አራት ነጥብ ካለበት ተናዷል።»

ይህ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት፣ 126 ተማሪዎች በነጥብ የተዘጋ የአንድ ቃል የስልክ መልስን ነጥብ ከሌለው ይልቅ ቅንነት የጎደለው አድርገው እንዳዩት አግኝቷል፤ ያው መልስ በእጅ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው ግን ልዩነት አልታየም። ያ የእንግሊዝኛ ነጥብ ነው። በእኛ ዘንድ አራት ነጥብ የሚያስቀምጡት ብዙውን ጊዜ ፊደል በአግባቡ የተማሩ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ደንበኛዬ ምስጋናቸውን እንኳ በአራት ነጥብ ይዘጋሉ።

«ሁለቱ ምልክት ታይቷል፤ ስለዚህ አንብቦታል።»

የቴሌግራም ሁለት ምልክት ንግግሩ መከፈቱን ብቻ ይናገራል። የተላከው ፋይል መከፈቱን አይናገርም።

«በላቲን ፊደል የጻፈው ንቆኝ ነው።»

የስልኩን የፊደል ገበታ መቀየር ሰልችቶት ነው።

«ታናሽ ሆኖ "እሺ" ብቻ ማለቱ ስድ ስለሆነ ነው።»

እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። አንድ አዲስ የዲዛይን ሠራተኛ ለሦስት ወር ያህል ለምጽፍለት ሁሉ «እሺ» ብቻ ይመልስልኝ ነበር። አስተዳደግ የጎደለው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። በኋላ ሌላ ሰው ጠይቆት እንደተናገረው፣ «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ» የሚለውን መቁረጥ አቅቶት ነው። አማርኛ ውስጥ «እልክልሻለሁ» ወይም «እልክልዎታለሁ» ሳይሉ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያስቸግራል፤ ግሱ ራሱ አክብሮቱን ያጋልጣል። «እሺ» ግን ጾታም ዕድሜም ማዕረግም የላትም። ልጁ ተደብቆባት ነበር። «አንቺ በለኝ» ባልኩት ማግስት ረጃጅም መልእክት መጻፍ ጀመረ፤ አሁን ደግሞ ዝም በል ማለት አቅቶኛል።

«"እሺ" ካለ ተስማምቷል።»

የቁጣው ነገር ቢበዛ ኩርፊያ ያመጣል፤ ይኼኛው ግን ገንዘብ ያስከፍላል። በእኔ ሥራ ከሁሉም የሚያናድደኝም እሱ ነው።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ነው ያደግነው። ለታላቅ፣ ለእንግዳ፣ ለለማኝ እንኳ በፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ነው፤ «እሺ ነገ» ብሎ የቀረ ስንት ሰው አለ። በዚያ ላይ «እሺ» የማዳመጫ ድምፅም ናት፤ ወሬ ሲነገረን «እሺ… እሺ…» የምንለው «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» ለማለት እንጂ የተባለውን ተቀብለን አይደለም። ይህች ሁሉ ሥራ ያለባት ቃል ስክሪን ላይ ስትቀመጥ ድምፅዋና ፊቷ ይቀርና «ደረሰኝ»፣ «አያለሁ» እና «ተስማምቻለሁ» አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ።

በ2017 ዓ.ም. የጥር ሠርግ ሰሞን የሆነውን ልንገራችሁ። የሙሽራዋ እናት 400 የጥሪ ካርድ አዘዙ። ሠርጉ እሑድ ጥር 18 ነበር። የእኛ ጸሐፊ «እሑድ ጥር 17» ብሎ ጻፈው፤ ስህተቱ የእኛ ነው። እኔም ሳላየው ናሙናውን በፋይል ላክሁና ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ናሙናውን ልኬልዎታለሁ። ይመልከቱት፤ ስህተት ካለ ይንገሩኝ፤ ከሌለ ዛሬ ማታ ማሽን ላይ ይወጣል።» አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «እሺ» አሉ። ማታ ታተመ። በማግስቱ ካርዱን ሊረከቡ መጥተው ከፍተው ሲያነቡ ፊታቸው ተለወጠ።

«እሺ ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

«እሺ ያልኩት እኮ ልከሻል፣ ቤት ገብቼ አየዋለሁ ለማለት ነው፤ ያን ጊዜ ገበያ ላይ ነበርኩ» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። መልእክቴን መልሼ ሳነበው አራት ነገር በአንድ ላይ ጭኛለሁ፤ ልኬያለሁ፣ ይዩት፣ ስህተት ይንገሩኝ፣ ማታ ይታተማል። «እሺ» ለአራቱም ትሆናለች፤ እሳቸው ለሁለተኛው መለሱ፣ እኔ ለአራተኛው ሰማሁ። መልሱ የመጣበት ፍጥነትም ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። የሁለቱን ቤተሰብ ስሞች፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አዳራሹንና የስልክ ቁጥሮቹን አንብቦ ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይበቃም። ፈጣን «እሺ» ለአጭር ጥያቄ ጥሩ ምልክት ነው፤ መነበብ ላለበት ነገር ሲሆን ግን አለመነበቡን ነው የሚነግራችሁ። ካርዱ እንደገና ታተመ፤ ኪሳራውን ድርጅቱ ቻለ፣ ከኪሳራው የባሰውን ወቀሳ እኔ ቻልኩ።

«እኔ ግን ሰው ሲጽፍ ድምፁ ይሰማኛል» የሚሉኝ አሉ። አሜሪካ ውስጥ ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ በኢሜይል ፌዝና ቁም ነገር የጻፉ ሰዎች አንባቢው 78 ከመቶውን ይለይልናል ብለው ገምተው ነበር፤ አንባቢዎቹ የለዩት 56 ከመቶውን ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይርቅም። ያውም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጽፎላቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የ«እሺ»ን ትርጉም መፈለግ ትቼ «እሺ» የማይመልሰው ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ይሁን?» አልልም። «በ250 ግራም ካርድ ይሁን ወይስ በ300?» እላለሁ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። አንድ መልእክት ውስጥ ከአንድ ጥያቄ በላይ አላስገባም። ለጥሪ ካርድ ደግሞ «ካርዱ ላይ ያለውን ቀንና የስልክ ቁጥር አንብበው መልሰው ይጻፉልኝ» ብዬ እልካለሁ፤ ያ ሳይመጣ ማሽን አይነሳም። ለጓደኛም ያው ነው። «ቅዳሜ እንገናኝ?» ካላችሁና «እሺ» ካለች ገና ምንም አልታወቀም፤ «ስንት ሰዓት ይመችሻል?» ስትሏት ሰዓት ከነገረቻችሁ ትመጣለች፣ እንደገና «እሺ» ካለች ግን መልእክቱን እንኳ አላነበበችውም።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ አባት የልጃቸውን የክርስትና ጥሪ ናሙና ልኬ ቀኑንና ስልክ ቁጥሩን መልሰው እንዲጽፉልኝ ጠየቅኋቸው። «እሺ» አሉ። ደወልኩላቸው። ስታዲየም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል፤ ፋይሉን ገና አልከፈቱትም።